ከጥያቄው የቀደመ ቁጥር
ስለ ሰበታ፥ ቡራዩና ሱሉልታ ሕፃናት በተዘጋጀ የጥናት ረቂቅ ላይ የቀረበ ሂስ

በዚህ መጽሔት ላይ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ተሠርቶ ያለቀ ጥናት ነው። እኛ ግን ዛሬ ገና ባልተሠራ ጥናት ላይ ሂስ ልናቀርብ ተነሥተናል። ረቂቁም የሌላ ሰው አይደለም፤ የራሳችን ነው። ሦስት ሆነን አዘጋጅተን ለመምህራችን ባቀረብነው ጊዜ፥ እሳቸው ከዐሥራ አንዱ ገጽ ውስጥ አንድ ቁጥር ብቻ በእርሳስ አክብበው፥ ከጎኑ «ይህ የየትኛው ጥያቄ መልስ ነው?» ብለው ጽፈው መለሱልን። ቁጥሩ 422 ነበር። እኛም መልስ አጣን። ከዚያ ወዲያ በመደርደሪያ የተቀመጡትን የቀደሙ ተማሪዎች ረቂቆች ብናገላብጥ፥ ይህንኑ ቁጥር ወይም ወንድሙን 423ን ደጋግመን አገኘነው። በሽታው ልዩ ልዩ ነው፤ ከተማውም ልዩ ልዩ ነው፤ ቁጥሩ ግን አንድ ነው። እንግዲህ ጥፋቱ የእኛ ብቻ አለመሆኑን ስለ ተረዳን፥ ረቂቁ እንዴት እንደ ተበላሸና እንዴት እንደ ተቃና ለጓደኞቻችን መግለጽ ይገባናል ብለን አሰብን።

አስቀድሞ ሐሳቡ እንዴት እንደ ተነሣ እንናገር። ሰበታ በጅማ መንገድ፥ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፥ ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ወዲያ በጎጃም መንገድ የሚገኙ፥ አዲስ አበባን የከበቡ ከተሞች ናቸው። ቀድሞ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ከንቲባ ይተዳደሩ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ግን በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። ከእኛ መካከል አንዱ በየቀኑ ከቡራዩ ይመላለሳል። ለአዲስ አበባ ውሃ ከሚሰጡት ግድቦች አንዱ የሆነው ገፈርሳ በዚያው በቡራዩ በኩል ሲገኝ፥ በሰፈሩ ግን እናቶች ቢጫውን ጀሪካን ተሸክመው ከጎረቤት ቧንቧ ወይም ከአህያ ጋሪ ውሃ ሲገዙ ያያል። በዚህ የተነሣ «በእነዚህ ከተሞች የሕፃናትን ተቅማጥ እናጥና» አለን። ሐሳቡ መልካም ነበር። የጻፍነው ዓላማ ግን የሚከተለው ነው፤ «የዚህ ጥናት ዓላማ በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ የሚኖሩ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን የተቅማጥ ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች ማጥናት ነው።»

ይህን ዓረፍተ ነገር አሁን ስናነበው ሦስት ጥያቄዎች በአንድ ካባ ተሸፍነው እናገኛለን። የመጀመሪያው፥ በሦስቱ ከተሞች በጠቅላላው ከመቶ ሕፃናት ስንቱ ተቅማጥ ይዞታል የሚለው ነው። ሁለተኛው፥ ከሦስቱ ከተሞች የትኛው ይብሳል የሚለው ነው። ሦስተኛው፥ ውሃ ገዝተው የሚጠጡ ሕፃናት በግቢያቸው ቧንቧ ካላቸው ይልቅ ይታመማሉን የሚለው ነው። ሦስቱም በየራሳቸው የሚጠየቁ ናቸው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ የሚፈልገው የሰው ብዛት፥ የአመራረጥ ዘዴና የሚያስከትለው ኃላፊነት ልዩ ነው። «ተያያዥ ምክንያቶች» የሚለው ሐረግም ተመራማሪውን ከምርጫ ያድነዋል እንጂ ምንም አይናገርም፤ ሃያ ምክንያቶችን ጠይቆ አንዱ ቢገጥም ተገኘ ለማለት በር ይከፍታልና።

ታዲያ ዓላማ ጠራ የሚባለው በምን ይታወቃል? እኛ የተጠቀምንበት መፈተኛ ቀላል ነው። ወደ ሜዳ ከመውጣት በፊት የጥናቱን የመጨረሻ ሠንጠረዥ ባዶውን መሣል ነው። በረድፉ ማን ይቆማል? በዐምዱ ምን ይቆጠራል? በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ የሚገባው ቁጥር ምንድን ነው? በቀድሞው ዓላማችን ሠንጠረዡን ለመሣል ብንሞክር እያንዳንዳችን ልዩ ልዩ ሠንጠረዥ ሣልን። ያን ጊዜ ሦስት ጥናት እንጂ አንድ ጥናት እንዳልጻፍን ገባን። ከብዙ ክርክር በኋላ፥ መጀመሪያ ያነሣሣን ጉዳይ ጀሪካኑ ነውና ሦስተኛውን ጥያቄ መረጥን። ሠንጠረዡም ሁለት ረድፍና ሁለት ዐምድ ብቻ ሆነ። በረድፉ በግቢው ቧንቧ ያለው ቤተ ሰብና ከቦኖ፥ ከጎረቤት ወይም ከጋሪ የሚቀዳ ቤተ ሰብ፤ በዐምዱ ተቅማጥ የያዘውና ያልያዘው ሕፃን።

ዓላማው ከጠራ በኋላ ቃላቱን መወሰን ያስፈልጋል። ተቅማጥ ማለት ምን ማለት ነው? አንዲት እናት ጡት የሚጠባ ልጇ በቀን አራት ጊዜ ቢወጣ ተቅማጥ አትለውም፤ ሌላዪቱ አንድ ጊዜ የቀጠነውን ተቅማጥ ትለዋለች። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት የሚጠቀምበትን፥ በ24 ሰዓት ውስጥ 3 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ የቀጠነ ዐይነ ምድር መውጣት የሚለውን ወሰድን፤ የሚጠየቀውም ስለ ባለፉት 2 ሳምንታት ነው። ከዚያ የራቀው ይረሳል። የውሃውም ጥያቄ እንደዚሁ ነው። በግቢ ቧንቧ ያለው ቤት ውሃው በፈረቃ የሚመጣ እንደ ሆነ በመካከሉ ከጋሪ ሊገዛ ይችላል። ስለዚህ «የውሃ ምንጭዎ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ «ሕፃኑ ባለፉት 2 ሳምንታት የጠጣው ውሃ በብዛት ከየት ተቀዳ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። ይህ ካልተደረገ ሁለቱ ረድፎች እርስ በርሳቸው ይቀላቀላሉ፤ ልዩነቱም ቢኖር ይጠፋል።

ከሁሉ የከፋው የረቂቃችን ስሕተት ግን የተሠወረው በአመራረጡ ውስጥ ነው። «በወረዳው ጽሕፈት ቤት ከሚገኘው የቤተ ሰብ መዝገብ በዕጣ እንመርጣለን» ብለን ጽፈን ነበር። ዓረፍተ ነገሩ ንጹሕ ይመስላል፤ ዕጣ የሚለው ቃልም ያስከብራል። ዳሩ ግን ዕጣ የሚወጣው በመዝገቡ ከሰፈሩት መካከል ነው። በእነዚህ ከተሞች ዳርቻ ደግሞ ካርታ የሌላቸው፥ ሕዝቡ የጨረቃ ቤት የሚላቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። በአንድ ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩም አሉ፤ በመዝገቡ ግን የሚገኘው የባለቤቱ ስም ብቻ ሊሆን ይችላል። በግቢው ቧንቧ የማስገባት ዕድሉ አነስተኛ የሆነው ይኸው ካርታ የሌለው ነዋሪ ነው። እንግዲህ በመዝገቡ ብንመርጥ፥ ልናወዳድራቸው ከተነሣንባቸው ከሁለቱ ወገኖች አንዱን፥ ይልቁንም በብዛት የሚጎዳውን፥ ገና ከበሩ ላይ አስቀርተነው ነበር። ጥናቱም «ውሃ የሚገዙትም ደኅና ናቸው» ብሎ ይወጣ ነበር፤ ምክንያቱም ያገኛቸው የተሻሉትን ገዢዎች ነውና።

ይህን ለማቃናት የመረጥነው መንገድ መሬቱን እንጂ መዝገቡን መከተል ነው። የከተሞቹን የሳተላይት ካርታ በመንገድና በወንዝ እየከፈልን፥ እያንዳንዱ አንድ መቶ ያህል ጣራ እንዲይዝ አድርገን በትናንሽ ሰፈሮች እንቆርጠዋለን። ከእነዚህ ሰፈሮች በየከተማው የሚያስፈልገውን ያህል በዕጣ እናወጣለን። ከዚያም ዕጣው በወጣበት ሰፈር ቤት ለቤት እየዞርን፥ በየግቢው ያለውን እያንዳንዱን ምድጃ ለየብቻው እንቆጥራለን። ባለቤትና ተከራይ ሳንል፥ ለብቻው የሚያበስል ሁሉ አንድ ቤተ ሰብ ነው። ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ያለውን ብቻ፥ የውሃውን ምንጭ ጨምረን እንመዘግባለን። በአንድ ቤት ሁለት ሕፃናት ቢኖሩ አንዱን በዕጣ እንወስዳለን። ሥራው ከመዝገብ ከመገልበጥ ይልቅ ብዙ ቀን ይፈጃል፤ ነገር ግን ሌላ መንገድ አላገኘንም።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንመለስ። 422 ከየት መጣ? የታወቀው ቀመር ይህ ነው፤

```
1.96² × 0.5 × 0.5 ÷ 0.05² = 384.16
```

384 ላይ «መልስ የማይሰጡ ይኖራሉ» ተብሎ 10 በመቶ ሲጨመር 422 ይሆናል። ቀመሩ ሐሰት አይደለም፤ የሚመልሰው ጥያቄ ግን አንድ ብቻ ነው። ይኸውም፥ ነገሩ ከሕዝቡ ስንት በመቶ ላይ እንደሚገኝ ምንም የማናውቅ ስንሆን፥ አንድን መቶኛ በ5 ነጥብ ወዲያና ወዲህ ስሕተት፥ በ95 በመቶ መተማመኛ ለመገመት፥ ሰዎቹም አንድ በአንድ ከመላው ሕዝብ በዕጣ የወጡ ሲሆን፥ ስንት ሰው ይበቃል የሚለው ነው። ረቂቃችን ከእነዚህ ሁኔታዎች አንዱንም አያሟላም ነበር።

አንደኛ፥ ምንም አናውቅም ማለት አንችልም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፥ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 12 በመቶው ከጥያቄው በፊት በነበሩት 2 ሳምንታት ተቅማጥ እንደ ነበራቸው ጽፏል። ይህን 12 በመቶ በቀመሩ ብናስገባ 163 ሕፃናት ይወጣል። ቁጥሩ በመቀነሱ ደስ ያለን ጊዜ ነበር፤ ነገር ግን 12 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 5 ማለት ከ7 እስከ 17 ማለት ነው። ነገሩ ትንሽ ሲሆን 5 ነጥብ ስሕተት ትልቅ ይሆናል። ስሕተቱን ወደ 3 ነጥብ ብናወርደው 451 ያስፈልጋል። እንግዲህ ያው ቀመር፥ ያው በሽታ፥ እንደ ጠያቂው ፈቃድ 163 ወይም 451 ይሰጣል። ያ 12 በመቶም ቢሆን ከጥር እስከ ሰኔ ባሉት ወራት የተሰበሰበ፥ የመላው አገር አማካይ ነው፤ በክረምት፥ ጎርፍ በሚወርድበት ጊዜ የሚጠይቅ ሰው ሌላ ቁጥር ቢያገኝ ሊደነቅ አይገባውም።

ሁለተኛ፥ ሕፃናቱን አንድ በአንድ ሳይሆን በየሰፈሩ 20 እያደረግን ነው የምንመርጣቸው። በአንድ ሰፈር የሚኖሩ ሕፃናት በአንድ ውሃ፥ በአንድ ጭቃ፥ በአንድ ዝንብ ስለሚኖሩ ይመሳሰላሉ። ሃያኛው ሕፃን የሚነግረን አዲስ ነገር የመጀመሪያው ከነገረን ያነሰ ነው። ሌስሊ ኪሽ የተባለው የናሙና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ጉድለት የሚያካክስ ማባዣ በሰፊው አስረድቷል። በሰፈሩ ካሉት 20 ሕፃናት አንዱን ቀንሰን፥ 19ኙን በመመሳሰላቸው መጠን እናባዛለን፤ በዚያም ላይ 1 እንጨምራለን። የመመሳሰሉ መጠን 0.03 ነው ብለን ብንገምት ማባዣው 1.57 ይሆናል። ብዙ ረቂቆች ይህን ማባዣ ጨርሰው ይረሱታል፤ የቀሩትም ምክንያቱን ሳይገልጹ «2» ይላሉ። 2 ማለት ስሕተት ላይሆን ይችላል፤ ከየት እንደ መጣ አለመናገር ግን ስሕተት ነው።

ሦስተኛው ዋነኛው ነው። የመረጥነው ጥያቄ መገመት ሳይሆን ማወዳደር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መወሰን ያለብን፥ ለማወቅ የሚያስፈልገን ትንሹ ልዩነት ስንት ነው የሚለውን ነው። በግቢ ቧንቧ ካላቸው ሕፃናት 10 በመቶው፥ ከሚገዙት 18 በመቶው ቢታመሙ፥ ይህ የ8 ነጥብ ልዩነት ለውሃ ጽሕፈት ቤት ሊነገር የሚገባው ነው ብለን ወሰንን። ከዚህ ያነሰውን ቢያመልጠንም እንቀበለዋለን። እንዲህ ያለውን ልዩነት፥ በእርግጥ ካለ፥ ከ100 ጊዜ 80 ጊዜ ለማየት የሚበቃው ቁጥር ይህ ነው፤

```
2.8² × (0.10×0.90 + 0.18×0.82) ÷ 0.08² = 291.06
```

ይህም በየወገኑ 292፥ በድምሩ 584 ነው። በ1.57 ሲባዛ 917 ይሆናል። ከ10 አንዱ ባይገኝ ወይም ባይፈቅድ ይህ እንዳይጎድል፥ 10 በመቶ መጨመር ሳይሆን በ0.9 ማካፈል ነው የሚገባው፤ 1,019 ይወጣል። በየሰፈሩ 20 ሕፃናት ቢሆኑ 51 ሰፈሮች፥ በየከተማው 17 ማለት ነው። በቤት ለቤቱ ምዝገባ የውሃውን ምንጭ ስለምንጠይቅ፥ ከሁለቱ ወገኖች በድምሩ እኩል ለመምረጥ እንችላለን። በአንድ ሰፈር ውስጥ ሁለቱም ወገኖች ተቀላቅለው ቢገኙ ማባዣው ይቀንስ ነበር፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ አንዱ ሰፈር ቧንቧ ያለው፥ ሌላው የሌለው ስለሚሆን ይህን ቅናሽ ተስፋ አላደረግንም።

አሁን መምህራችን ያከበቡት ቁጥር ምን ሊያደርግ ኖሯል? በ422 ብንሄድና 384 ሕፃናት ብናገኝ፥ በየወገኑ 192 ይደርሳል። የመመሳሰሉ ጉድለት ሲታሰብ እነዚህ 192 የሚያወጡት የ122 ያህል ነው። ያን ጊዜ የ8 ነጥብ ልዩነት በእርግጥ ቢኖር እንኳ፥ እኛ የማየት ዕድላችን ከግማሽ ያነሰ ይሆን ነበር። ሳንቲም ወደ ላይ መወርወር ከዚህ ይሻላል። ልዩነቱን ባናየው ደግሞ «የውሃ ምንጭ ከተቅማጥ ጋር ግንኙነት አልተገኘለትም» ብለን እንጽፍ ነበር። ይህን ያነበበ ሹም ቧንቧውን ወደዚያ ሰፈር ለመዘርጋት የማይቸኩልበት ምክንያት አገኘ ማለት ነው። ያልታየ ነገር የሌለ ነገር መስሎ ይጻፋል፤ ጉዳቱም ጀሪካን በሚሸከሙት ላይ ይወድቃል። በ422 ሦስቱን ከተሞች እርስ በርስ ማወዳደር ቢያምረን ኖሮ ደግሞ የባሰ ነበር፤ ለየከተማው የሚደርሰው 140 ያህል ሕፃን ሲሆን፥ 12 በመቶውም ከ5 እስከ 19 ባለው መካከል የትም ሊውል ይችላል። ሦስቱም ከተሞች በዚህ ሰፊ ክልል ውስጥ ተደራርበው ይገኛሉ።

ስለ ሥነ ምግባሩ ክፍል ረቂቃችን የያዘው አራት መስመር ብቻ ነበር። ከዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ እንይዛለን፤ ፈቃድ እንጠይቃለን፤ ስም አንጽፍም፤ ምስጢር እንጠብቃለን። ይህን አራት መስመር በየትኛውም ረቂቅ ላይ ቢለጥፉት ይገጥማል፤ ለዚህም ነው ምንም የማይናገረው። እ.ኤ.አ. በ2014 ለአምስተኛ ጊዜ የታተመው የአገሪቱ የምርምር ሥነ ምግባር መመሪያ ስለ ጉዳትና ጥቅም ሲጠይቅ፥ የሚጠይቀው በዚያ ጥናት፥ በእነዚያ ሰዎች ላይ ሊደርስ የሚችለውን ነው። እኛ ይህን የተረዳነው ከመመሪያው ሳይሆን ከአንዲት እናት ነው።

መጠይቁን ለመሞከር ከከተሞቹ በአንደኛው ዳርቻ በወጣንበት ቀን፥ ቤቶቹ እንዳይደጋገሙብን በየበሩ ላይ በጠመኔ ቁጥር እንጽፍ ነበር። አንዲት እናት ልጃቸውን እንዳዘሉ ወጥተው ጠመኔውን አዩና፥ «ልጆቼ፥ የምትቆጥሩት ሕፃኑን ነው ወይስ ቤቱን?» አሉን። ሕፃኑን ነው አልናቸው። «እንግዲያውስ በበሬ ላይ ለምን ትጽፋላችሁ?» አሉን። መልስ አልነበረንም። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ስለ ተፈጸመው የቤት ማፍረስ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን መግለጫ ማውጣቱ ይታወሳል። እንዲህ ባለ ቦታ በበር ላይ የተጻፈ ቁጥር ለተመራማሪው ምልክት ነው፤ ለነዋሪው ግን ሌላ ትርጉም አለው። ጠመኔውን በእጃችን ጠርገን፥ እሳቸውን ይቅርታ ጠይቀን ተመለስን።

የአመራረጡ ጉዳይና የሥነ ምግባሩ ጉዳይ አንድ መሆናቸውን ያን ቀን ተገነዘብን። የጨረቃ ቤቶችን ከጥናቱ ብናስቀር ውጤቱ ይዋሻል። ብናስገባቸው ደግሞ፥ ማንም ጽሕፈት ቤት ያልያዘውን፥ ካርታ የሌላቸውን ቤቶች ዝርዝር ከነቦታቸው በእጃችን እናደርጋለን። ይህ ዝርዝር ከሌላ እጅ ቢገባ፥ ስለ ሕፃን ጤና ብለው በር የከፈቱልን ሰዎች ቤታቸውን ሊያጡበት ይችላሉ። ስለዚህ በአዲሱ ረቂቅ እንዲህ ብለን ወሰንን። በበር ላይ ምንም አይጻፍም፤ ቤቱ የሚታወቀው በወረቀት ላይ በሣልነው የሰፈር ንድፍ ብቻ ነው። ስለ ቤቱ ካርታና ስለ ይዞታው አይጠየቅም፤ ለጥያቄያችን አያስፈልግምና። የቤቱን ቦታ በስልክ ወይም በሌላ መሣሪያ አንመዘግብም። ንድፉና የመልሱ ቅጽ በተለያየ ቦታ ይቀመጣሉ፤ የሰፈሩ ጥያቄ ተሟልቶ ከተመረመረ በኋላም ንድፉ ይቃጠላል። ውጤቱ ሲጻፍ ሰፈር በስሙ አይጠራም። ከሰፈሩ ሹም አንዱ አብሮን እንዲዞር መጠየቅ የተለመደ ነው፤ በር ለማስከፈትም ይረዳል። ነገር ግን ሹም አጠገቧ ቆሞ ሳለ አንዲት ተከራይ እምቢ ለማለት ነፃነት የላትምና ይህን ትተን፥ በሰፈሩ የታወቀች አንዲት እናት ታስተዋውቀናለች።

ፈቃዱም በቃል ይሁን ብለናል። ፊርማ በዚህ ሁኔታ ስምን ከቤት ጋር የሚያገናኝ ብቸኛው ወረቀት ይሆናልና። የፈቃዱ ቃል በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይዘጋጃል፤ ከተዘጋጀም በኋላ ቃሉን ያላየ ሌላ ሰው ወደ ኋላ እንዲመልሰው ተደርጎ ይመረመራል። ለሕፃኑ የምትፈቅደው እናቱ ወይም አሳዳጊው ናት። ከዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ጉባኤ ሌላ የኦሮሚያ ጤና ቢሮም ረቂቁን ማየት ይኖርበታል፤ ከተሞቹ በኦሮሚያ ክልል ናቸውና። በመጨረሻም አራቱ መስመሮቻችን ያላሰቡት አንድ ነገር አለ። ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን ስንፈልግ እናገኘዋለን። ዐይኑ የጎደጎደ፥ መጠጣት ያቃተው ሕፃን ስናይ ቅጽ ሞልተን ልንሄድ አንችልም። ስለዚህ እያንዳንዱ ጠያቂ ኦ.አር.ኤስ. ይይዛል፤ የድርቀትን ምልክት ለይቶ ማወቅንም ይማራል፤ በጠና የታመመውን ወደ ጤና ጣቢያ ለማድረስ የሚበቃ የመጓጓዣ ገንዘብም በበጀቱ ተጽፏል።

እንግዲህ ዐሥራ አንዱ ገጽ ተጨምቆ የወጣው ዝርዝር የሚከተለው ነው።

1. ዓላማ፦ በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ፥ ውሃ ከግቢ ውጭ የሚቀዳላቸው ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት፥ በግቢያቸው ቧንቧ ካላቸው ይልቅ በ2 ሳምንት ውስጥ በተቅማጥ ይያዛሉን? ሊታይ የሚገባው ትንሹ ልዩነት 8 ነጥብ ነው።
2. ዘዴ፦ አንድ ጊዜ የሚደረግ ጥያቄ፤ ሰፈር በካርታ በዕጣ፥ ቤተ ሰብ በምድጃ ቆጠራ፥ ሕፃን በዕጣ። ሁሉም በአንድ ወቅት ይጠየቃሉ።
3. ብዛት፦ 1,019 ሕፃናት በ51 ሰፈሮች፤ ግምቶቹ 10 በመቶ፥ 18 በመቶ፥ 0.03ና ከዐሥሩ አንድ የሚጎድል።
4. ሥነ ምግባር፦ የቤት ምልክትና የይዞታ ጥያቄ የለም፤ ፈቃድ በቃል በሁለት ቋንቋ፤ የታመመ ሕፃን ይረዳል፤ ንድፉ ይጠፋል።

ይህ ረቂቅ እንኳ የማይችለው ነገር አለ። ውሃ የሚገዛው ቤተ ሰብ ድኻም ነው፤ መጸዳጃውም የጋራ ሊሆን ይችላል። ልዩነት ብናገኝ ከውሃው ይሁን ከድህነቱ አንድ ጊዜ በተደረገ ጥያቄ ፈጽሞ መለየት አንችልም። ስለዚህ መጸዳጃውን፥ የእናቲቱን ትምህርትና የክፍሉን የሰው ብዛት አብረን እንጠይቃለን፤ በጽሑፋችንም «ያመጣል» ሳይሆን «አብሮ ይገኛል» እንላለን።

ጓደኞቻችን የሚያነሡትን ክርክርም እናውቀዋለን። አንድ ሺህ ሕፃን ለሦስት ተማሪዎች ይከብዳል፤ ገንዘቡም የለም ይላሉ። እውነት ነው። እኛም በጀቱን ስናሰላ አልበቃንም። ዳሩ ግን መፍትሔው ዓላማውን እንዳለ ትቶ ቁጥሩን ወደ 422 መመለስ አይደለም፤ ዓላማውን ማሳነስ ነው። ስለዚህ ሦስቱን ከተሞች ትተን ቡራዩን ብቻ፥ ማወዳደሩንም ትተን መገመቱን ብቻ ወሰድን። ጥያቄያችን አሁን፥ በቡራዩ በግዥ ውሃ ከሚኖሩ ሕፃናት ስንት በመቶው ተቅማጥ ይዞታል የሚለው ነው። 15 በመቶ ገምተን፥ በ5 ነጥብ ስሕተት 196፥ በማባዣው 308፥ ከሚጎድለው ጋር 343 ሕፃናት በ18 ሰፈሮች ወጣ። ከ422 ያነሰ ነው። መምህራችን ከጎኑ የጻፉትን ጥያቄ ዛሬ ደግመው ቢጽፉት ግን ሦስታችንም አንድ ዓይነት መልስ እንሰጣለን። ለእኒያ እናትም እንደዚሁ፤ የምንቆጥረው ሕፃኑን ነው፤ በበራቸውም ላይ አንጽፍም።